ጢጥ ያላለው ኮምፒዩተር

ቅዳሜ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ስጫን ፋኑ ጓ ብሎ ተነሳ፣ የፊቱ ሰማያዊ መብራትም በራ፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። አጥፍቼ ደግሜ አበራሁት። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልጫን እጄን ስዘረጋ አባቴ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ተይው እስቲ ሚጣ» አለኝ። «ጢጥ አላለም እኮ።»

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ሱቁ የለም፤ ጆሮው ግን አለ። እውነቱን ነበር። ይህ ኮምፒዩተር በተከፈተ ቁጥር፣ ስክሪኑ ላይ ምንም ነገር ሳይመጣ በፊት፣ ከውስጡ አንዲት አጭር ጢጥ ትሰማለች። ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብያት አላውቅም። እሱ ደግሞ ኮምፒዩተሩን የሚነካው በወር አንዴ፣ የእድሩን መዝገብ ሊያስሞላኝ ሲመጣ ብቻ ነው።

ነገሩ ያስጨነቀን በእድሩ ምክንያት ነበር። ከኪራይ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገባነው ሐሙስ ዕለት ነው። ኮምፒዩተሩ ከፍራሽና ከድስት ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ፣ ከዚያም በተሸካሚ ትከሻ አራተኛ ፎቅ ወጣ። አባቴ የድሮው ሰፈር እድር ጸሐፊ ነው፤ የአባላቱ ስምና የወር መዋጮ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ስብሰባው ደግሞ በማግስቱ እሑድ ነበር።

አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ጋ ደወልኩ። ፋኑ ይዞራል፣ ምስል ግን የለም ብዬ ሳልጨርስ፣ «እሱማ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ብትገዙ ይሻላችኋል» አለኝ። ለአባቴ ስነግረው፣ «በስልክ ነው ያየው?» ብሎ ካቻቢቴውንና መልቲሜትሩን ሊያመጣ ሄደ።

የአባቴ አሠራር አንድ ነው። ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይነካም። ሁለት ነገር ነካክተህ ከሠራ የትኛው እንዳዳነው አታውቅም፤ ከተበላሸም የትኛው እንደገደለው አታውቅም ይላል። ፋኑ ስለዞረ የግድግዳው ሶኬት፣ ዲቫይደሩና ከኋላ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ከጥርጣሬ ወጡ። ቀጥሎ ስክሪኑ ነበር። ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ነቅለን ስክሪኑን ብቻውን ስናበራው «No Signal» የሚል ጽሑፍ አመጣ። ይህን መጻፍ ከቻለ እሱ ጤነኛ ነው፤ የሚያሳየው ነገር የሚልክለት ነው ያጣው።

ቀጥሎ የመጣው ሙከራ የኔ ነበር። ኪቦርዱ ላይ Num Lock የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች፣ ደግመው ሲጫኑት ትጠፋለች። ብዙ ሰው መብራቷን የምታበራው ቁልፏ ራሷ ትመስለዋለች። ቁልፉ ለኮምፒዩተሩ መልእክት ይልካል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ «አብሪ» ብሎ መልሶ ይልካል። ስለዚህ ስክሪኑ ጠቁሮ መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ኮምፒዩተሩ ነቅቷል፤ ጣጣው ከምስሉ በኩል ነው። እኛ ስንጫን ምንም አልሆነችም። አባቴ ይህችን ነገር ከዚያ ቀን በፊት አያውቃትም ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱ ተጭኖ አያት።

«ታዲያ ፋኑ ለምን ይዞራል?»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ብለን እንጠራዋለን፤ እውነተኛው ሲፒዩ ግን ከብስኩት የምታንስ፣ ከትልቅ ብረትና ከፋን ሥር የተደበቀች አራት ማዕዘን ቁራጭ ናት። የሚያስበው እሷ ናት። ፋኑ የሚፈልገው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ ካገኘ ሲፒዩዋ ብትኖርም ባትኖርም ይዞራል። እንዲያውም አባቴ እንደገና ሲያዳምጥ ሌላ ነገር ያዘ። ድሮ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ፋኑ ለአፍታ ይጮህና ወዲያው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዛሬ እንደጮኸ ቀረ። ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሲፒዩዋ ነቅታ ትእዛዝ ስትሰጥ ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ያጣ ፋን ባለው ጉልበት መሮጡን ይቀጥላል።

የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅለን፣ ውስጥ የቀረችው እንድትወጣ ማብሪያውን ተጭነን ቆየን፤ ከዚያ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አጋድመን ከፈትነው። አባቴ ከመንካቱ በፊት የሳጥኑን ብረት በመዳፉ ያዘ፤ እኔም እንድይዝ አደረገኝ። ሰውነታችን ላይ የተጠራቀመች፣ እኛ የማናያት ብልጭታ ለእነዚህ ስስ ዕቃዎች ትበዛለች። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን እንዳልከፍት በጣቱ አስጠነቀቀኝ። የቤታችን 220 ቮልት እዚያ ውስጥ ሲገባ ወደ 310 የሚጠጋ ቀጥተኛ ቮልት ይሆናል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሌላው የሳጥኑ ክፍል የሚሠራው ከ12 ቮልት ባልበለጠ ነው።

በመጀመሪያ የጠረጠርነው ራሙን ነው። በጭነት መኪና የተንገጫገጨ ኮምፒዩተር ሲደነዝዝ ጠጋኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ሁለቱን ራሞች አውጥቼ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ቀስ ብዬ ጠረግሁ፤ አንዱን ብቻ ከትተን ሞከርን፣ ሌላውን ብቻ ከትተን ሞከርን። ዝም። የሰዓቷን ባትሪ፣ ያቺን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን CR2032፣ ለጥቂት ደቂቃ አውጥተን መለስናት። ይህ ኮምፒዩተሩ የያዘውን ቅንብር ያስረሳዋል፤ አንዳንዴ በተበላሸ ቅንብር ምክንያት የማይነሳውን ያስነሳል። አሁንም ዝም።

ከዚያ ሁለቱንም ራም አውጥቼ ባዶውን አበራሁት። አባቴ ግራ ገብቶት አየኝ። አላማዬ እንዲሠራ አልነበረም፤ እንዲጮህ ነበር። እንደኛው ዓይነት ማዘርቦርድ ራም ካጣ ረጅም ጢ——ጥ እያለ ይደጋግማል። ያንን ጩኸት የሚያስጮኸው ግን ሲፒዩዋ ናት። ማዘርቦርዱ ላይ በቋሚነት የተጻፈ አጭር ፕሮግራም አለ፤ ሲፒዩዋ ስትነቃ እሱን እያነበበች ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ራም ስታጣ በስክሪን መናገር ስለማትችል ትጮሃለች። ከጮኸች እሷም ማዘርቦርዱም በሕይወት አሉ ማለት ነው።

አልጮኸችም።

«ምናልባት አፏ ተነቅሎ እንዳይሆን» አለ አባቴ። የድምፅ ማውጫዋን ትንሽ ገመድ አየናት፤ በቦታዋ ናት። ባለፈው ረቡዕ፣ ከመነሳታችን በፊት በነበረው ቀን፣ ጢጥ ስትል እሱ ራሱ ሰምቷታል። ስለዚህ የቀሩን ተጠርጣሪዎች ሦስት ናቸው፦ ሲፒዩዋ ሞታለች፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ወይም ሁለቱም ደህና ሆነው ሲፒዩዋ ጾሟን አድራለች።

አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ። «ይህች ልጅ የምትበላው በየት በኩል ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄድ አንድ ሰፊ፣ 24 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ሲፒዩዋ ግን ለብቻዋ የምትቀርብላት ሌላ ገመድ አለቻት፤ ሁለት ቢጫና ሁለት ጥቁር ሽቦ ያላት፣ ባለ አራት ቀዳዳ ትንሽ ሶኬት። በትልልቆቹ ማሽኖች ስምንት ቀዳዳ ትሆናለች። ይህች ገመድ የመጣችው በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ፔንቲየም 4 ብዙ ኃይል የሚበላ ሲፒዩ ይዞ በመጣበት ጊዜ ነው።

ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ሲፒዩ የሚሠራው በ1.2 ቮልት አካባቢ ነው። 60 ዋት ቢበላ 50 አምፔር ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ጅረት ከፓወር ሰፕላዩ ድረስ በቀጭን ሽቦ ማምጣት ሽቦውን ማቅለጥ ነው። ያው 60 ዋት በ12 ቮልት ሲመጣ ግን 5 አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ በ12 ቮልት ይመጣና ሲፒዩዋ አጠገብ ሲደርስ፣ እዚያ በተደረደሩ ትንንሽ መጠምጠሚያዎችና ማከማቻዎች ወደ 1.2 ይወርዳል። አባቴ ይህን ለመረዳት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ከግድብ መብራት የሚያመጡትም እንደዚህ ነው» አለ። «ቮልቱን ከፍ አድርገው ያመጡታል፣ ሰፈር ሲደርስ በትራንስፎርመር ያወርዱታል።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ እሱ ሙያ ገባ። ገመዱን መልሰን ሰካን፣ ኮምፒዩተሩን አበራን። መልቲሜትሩን ቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርጎ ጥቁሩን ጫፍ ከጥቁር ሽቦ፣ ቀዩን ጫፍ ትርፍ ሆኖ ከተንጠለጠለ ሶኬት ቢጫ ሽቦ ላይ አስቀመጠ። 12.1። ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ጤነኛ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ነጻ ወጣ። ከዚያ ወደ ትንሿ ሶኬት ሄደ። የምትገኘው በክፉ ቦታ ነው፤ ከላይ ፓወር ሰፕላዩ ጥላውን ጥሎባታል፣ ከጎን የሲፒዩዋ ትልቅ ብረት ከልሏታል። ቀዩን ጫፍ ቢጫው ሽቦ ከሶኬቷ በሚገባበት በኩል፣ ከጀርባ አስገብቶ ነካት። እዚያም 12.1።

ሁለታችንም ዝም አልን። ምግቡ ደጃፏ ድረስ ደርሷል፤ እሷ ግን አልነቃችም። «በቃ፣ ማዘርቦርዱ ነው» አልኩ። የስልኩ ጠጋኝ ትክክል ሆኖ ሊያበቃ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ገመዱን ነቀልን፤ እናቴ ያቀረበችው ሻይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ያንኑ ጠጣን። አባቴ ካቻቢቴውን በጣቶቹ መሀል እያገላበጠ ሳጥኑን ያያል፤ መሸነፉ የገባው አይመስልም።

የሳጥኑን ክዳን ልመልስ ብዬ ዊንጭ ስፈልግ አንዷ ወደ ውስጥ ወደቀች። እሷን ልፈልግ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ከጎን፣ ከታች ወደ ላይ ሳበራ ነው ያየኋት። ትንሿ ሶኬት ጎንበስ ብላ ቆማለች። ነጩ የማዘርቦርድ ቀፎ ላይ አንዲት ጥርስ አለች፤ የሶኬቷ መንጠቆ እሷን አልፎ መያዝ ነበረበት። መንጠቆው ግን ከጥርሷ በላይ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። መሀላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው ግን ተሰክታለች፤ እኔም አባቴም ከላይ ነበር ያየናት።

«አባዬ፣ ና እስቲ እይ።»

አየ። ትንሽ ቆየና ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ከተቆረጠው በፊት ለካሁ!» አለ። ለእኔ በልጅነቴ የነገረኝን እሱ ራሱ ረስቶታል። መንገዱ የተቋረጠ ጅረት አይፈስም፤ ቮልቱ ግን እስከ ተቋረጠበት ጫፍ ድረስ ሙሉ ሆኖ ይቆማል። ቧንቧው ሲዘጋ ውኃው እስከ መዝጊያው ድረስ በሙሉ ግፊት እንደሚጠብቀው ነው። አባቴ የለካው ሽቦውን ነበር፤ ሽቦው 12.1 ቮልት ይዞ የሚቀበለው አጥቶ ቆሞ ነበር። መለካት የነበረበት ከማዶ፣ ከማዘርቦርዱ በኩል ነው፤ እዚያ ቢነካ ዜሮ ያገኝ ነበር። መልቲሜትሩ አልዋሸም፤ እኛ ነን የተሳሳተ ጥያቄ የጠየቅነው።

አውራ ጣቴን ሶኬቷ ላይ አድርጌ ቀጥ አድርጌ ተጫንኩ። ካሰብኩት በላይ ጉልበት ፈለገች፤ ማዘርቦርዱ ሲጎብጥ እንዳይሰነጠቅ ፈራሁ፣ አባቴ ከጫፉ ደገፈልኝ። ከዚያ ቀጭ አለች። መንጠቆው ጥርሷን አልፎ ያዘ። ሳብ ሳብ ባደርጋት አልመጣም አለች። ቀዳዳዎቿ አካባቢ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ እንደሆነም አየን፤ በግማሽ የተነካካ መገናኛ ይግላልና አንዳንዴ ያቃጥላል። እንዲህ ሆኖ ቢሆን መልሶ መሰካቱ ብቻ አይበቃም ነበር። የኛ ንጹሕ ናት።

ገመዱን ሰካን፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ዝም አለና፣

ጢ————ጥ። ጢ————ጥ። ጢ————ጥ።

እናቴ ከኩሽና፣ «ምንድነው የተቃጠለው?» ብላ እየሮጠች መጣች። እኛ እንስቃለን። ራሞቹን ካወጣናቸው በኋላ መመለሳቸውን ረስተነው ኖሮ ሲፒዩዋ ነቅታ ራም ፍለጋ ትጮሃለች። አባቴ እንዳላጠፋው እጄን ያዘኝ፤ ሌላ ሁለት ሦስት ጊዜ አስጮኸው። ከዚያ አጥፍተን ራሞቹን መለስን። አበራነው። ፋኑ ጓ አለ፣ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ያቺ አጭር ጢጥ ተሰማች።

አንድ ያልተናዘዝኩት ነገር ነበረኝ። ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ ነበር። የሲፒዩዋን ፋን ለመድረስ ያቺን ገመድ የነቀልኳት እኔ ነኝ፤ ስመልሳትም ቀጭ ማለቷን አላዳመጥኩም። ብረቶቹ ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው ከአምስት ወር በላይ ሠሩ። የጭነት መኪናው ጉዞና አራት ፎቅ ደረጃ ያን ሚሊሜትር ጨረሱት። ለአባቴ ስነግረው ብዙም አልተደነቀም። «በኔ ሱቅ ከሚመጣው ግማሹ እንደዚህ ነበር» አለ፤ «ለደንበኛው አይነግሩትም እንጂ።»

ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጥቶ ቆመ፤ F1 ተጫኚ ይላል። ባትሪዋን ስላወጣናት ቀኑንና ሰዓቱን ረስቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ ዓመት ጽፎ ይጠብቀናል።

«ዛሬ ጥቅምት 9 ነው በይው» አለ አባቴ።

«ኦክቶበር 19 ነው የሚፈልገው አባዬ።»

«እሺ። ሰዓቱ ደግሞ ሦስት ተኩል።»

21:30 ብዬ ጻፍኩለት። የእድሩ መዝገብ በቦታው ነበር፤ ፕሪንተሩ ያለበትን ካርቶን ግን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ስንፈልግ ቆየን።